ማሳከኩን ያባባሰው መታጠቡ ነው፦ ስለ ኪንታሮት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኪንታሮት ያለበትን ሰው የሚያሳክከው ንጽሕና ስለሚጎድለው ነው። ከፊንጢጣ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ መግል ስለሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በፀረ ጀርም ሳሙና ይታጠቡ። ጨው ወይም ሆምጣጤ የተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ። የኪንታሮት ቅባቱን ደግሞ ማሳከኩ እስኪጠፋ ድረስ ሳያቋርጡ ይቀቡ።»

ይህን ጽሑፍ ያሳየኝ አንድ ታካሚ ነው። በስልኩ ላይ አስቀምጦት ነበር። ዕድሜው አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከመጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ «ሌሊት መተኛት አቃተኝ» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል። ስድስት ጊዜ ይታጠባል፣ ሆምጣጤ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅባቱን ይቀባል፣ አንቲባዮቲኩንም ጨርሷል። ማሳከኩ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ብሶበታል።

ስመረምረው በፊንጢጣው ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጣ ብሎ አብጧል። ብዙ ሰዓት ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው የጣቶቹ ጫፍ እንደሚመስለው ማለት ነው። በነጣው ቆዳ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ። ከዚያ ወጣ ሲል ቆዳው ቀልቷል፤ የጥፍር ምልክትም አለበት። ይህ የቆሸሸ ቆዳ አይደለም። ከልክ በላይ የታጠበ ቆዳ ነው። በክሊኒክ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቆዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብዙዎቹም ይህ የደረሰባቸው ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ሲለፉ ነው። ለዚህ ነው ምላሹን የምጽፈው።

ከፈሳሹ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነውና።

የአንጀታችን መጨረሻ ውስጡ በሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጤነኛ ሰውም ይህ ፈሳሽ አለው። ሥራው ሰገራው ሳይቧጥጥ ተንሸራቶ እንዲወጣ ማለስለስ ነው። የውስጥ ኪንታሮት የሚሸፈነው በዚሁ ፈሳሽ አመንጪ ሽፋን ነው። ኪንታሮቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ፈሳሹም ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አያስተውለውም። ኪንታሮቱ ወደ ውጭ ሲንሸራተት ግን ሽፋኑም አብሮት ይወጣል። ውጭ ሆኖም ማመንጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ፈሳሹ በቀጥታ ደረቅ ሆኖ መዋል ያለበት ቆዳ ላይ ያርፋል።

ሌላም ነገር አለ። ጤናማ በሆነ ሰው ፊንጢጣው ውስጥ ያሉት ለስላሳ የደም ሥር ትራሶች መዝጊያውን አጥብቀው እንዲገጥም ያግዙታል። ኪንታሮት የምንለው እነዚሁ ትራሶች አብጠው ሲወርዱ ነው። ያበጠ ነገር መሐል ሲገባበት መዝጊያው እንደ ድሮው አይገጥምም። በቀረችው ቀዳዳ ፈሳሹ ጥቂት ሰገራ ይዞ ጠብ ይላል። ሰገራ ውስጥ ደግሞ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችና ባክቴሪያዎች አሉ። ቆዳው በእርጥበት ሲረጥብና ሲላላ እነዚህ በቀላሉ ያስቆጡታል። ማሳከክ ማለት ይህ ነው። ሲታከክ ቆዳው ይላጣል፣ የተላጠው ደግሞ የበለጠ ያሳክካል። ሌሊት የሚብሰው ሰው ሥራ ፈትቶ ሲጋደም ስሜቱ ወደዚያ ስለሚሄድና አልጋው ስለሚሞቅ ነው።

እንግዲህ ይህ ፈሳሽ መግል አይደለም። አንቲባዮቲክ የአንጀትን ተፈጥሯዊ ፈሳሽ አያቆምም። ይልቁንም ለአንዳንዱ ሰው ተቅማጥ ያመጣበታል። ተቅማጥ ማለት ተጨማሪ መጥረግና ተጨማሪ እርጥበት ነው። አንቲባዮቲኩ ፈንገስም እርጥብ ቦታ ላይ እንዲበዛ መንገድ ይከፍታል።

ሁለቱን ለመለየት ነጭ ሶፍት ወይም ትንሽ ጥጥ ይበቃል። የኪንታሮቱ ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለና የሚለጠጥ ነው፤ አንዳንዴ ቀላል ቡናማ መልክ ይኖረዋል። መግል ግን ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ከፊንጢጣው ጎን ካለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ወይም የሚመታ፣ የሚነዝር ሕመም ያለው እብጠት አብሮት አለ፤ ትኩሳትም ይኖራል። ያ ኪንታሮት አይደለም። መግል የቋጠረ እብጠት ወይም ከፊንጢጣው ውስጥ እስከ ቆዳው የተከፈተ ቀጭን መንገድ፣ ፊስቱላ የምንለው፣ ነው፤ እሱም ቢሆን በኪኒን ብቻ አይድንም፣ ሐኪም ከፍቶ ማፍሰስ አለበት። እንግዲህ በሁለቱም መንገድ አንቲባዮቲክ በራስ ፈቃድ መዋጥ መፍትሔ አይሆንም።

ወደ መታጠቡ እንምጣ። የጽሑፉን ጸሐፊ እዚህ ላይ በሐሳቡ መነሻ አልቃወመውም፤ ቦታውን ንጹሕ ማድረግ አስፈላጊ ነው። ችግሩ በምን፣ ስንት ጊዜና እንዴት ይደረጋል የሚለው ላይ ነው።

ቆዳ በላዩ ላይ የሚከላከልለት ስስ ቅባት አለው። ትንሽ አሲድነትም አለው። ሳሙና፣ በተለይ ፀረ ጀርም የሆነው፣ ሁለቱንም ያጥባል። በቀን ስድስት ጊዜ ሲሆን ቆዳው ለማገገም ጊዜ አያገኝም። ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ያው ፈሳሽና ያው ሰገራ ይገባል። ሰውየው ሲያሳክከው «አልጸዳሁም» ብሎ ደግሞ ይታጠባል። ሽቶ ያላቸው እርጥብ መጥረጊያዎችም ያው ናቸው። አንዳንዶቹ እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለ ኬሚካል ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል። ሳሙና ትቶ ወደ እነሱ የዞረ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ችግር ይገጥመዋል።

እኔ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ይኸው ነው። ከሰገራ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሳሙናው ይቅር። ውሃ ካልተመቸ ሶፍቱን በውሃ አርጥባችሁ ንካ ንካ አድርጉ፤ አትፈግፍጉ። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ አድርቁ። የፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጎ ከርቀት ሊያደርቅበት ይችላል። ከእነዚህ ውጭ ማታ አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃል። ፀጉር ወይም ገላ ሲታጠቡ የሳሙናው ውሃ ወደዚያ ይወርዳልና መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ አይርሱ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጡ ጥሩ ነው። መዝጊያው ጡንቻ ይላላል፣ የሚያቃጥለውም ይበርዳል። ነገር ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሁን። ውሃው ለብ ይበል እንጂ አያቃጥል። ምንም አይጨመርበት። ሆምጣጤ አሲድ ነው፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሰማ ታካሚዬ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨውም የሚጨምረው ጥቅም የለም። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ ደግሞ ቆዳውን ያንኑ የነጣና ያበጠ መልክ ያሲዘዋል።

ቆዳው ከደረቀ በኋላ የሚቀረው መከለያ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወይም ተራ ቫዝሊን የሽምብራ ፍሬ ያህል ወስዶ በስሱ መቀባት። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ቀጣዩ ፈሳሽ ቆዳውን ሳይነካ ከላይ ይቀራል። ቅባቱ እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን ከስር አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት።

ፈሳሹ የሚበዛበት ሰው ደግሞ ከጥጥ ትንሽ ቀደድ አድርጎ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ በመቀመጫው መሐል ከፊንጢጣው ጋር እንዲነካካ ያስቀምጥ። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዝም ብሎ ይደገፋል። ጥጡ እርጥበቱን ይጠጣል። ሲረጥብ ይቀየራል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ቅባት በላይ ሲረዳ ያየሁት ይህን ነው። በቀን ስንት ጥጥ እንደቀየራችሁ ብትቆጥሩ ደግሞ ፈሳሹ እየቀነሰ መሆኑን በቁጥር ታውቁታላችሁ።

ኪንታሮቱ ሲወጣ በጣት የሚመለስ ከሆነም አንድ የሚሠራ ነገር አለ። ብዙ ሰው ከመጸዳጃ ቤት ሲነሳ እንደወጣ ትቶት ይሄዳል። የወጣው ሽፋን ውጭ በቆየ ቁጥር ፈሳሹ ይፈሳል። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ጣት ላይ ትንሽ ቫዝሊን አድርጎ ቀስ ብሎ መመለስ ያስፈልጋል። አልመለስ ካለ አይታገሉት። ካበጠ፣ ከጠቆረና በጣም ካመመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ቅባቱ የተጻፈው ይበልጥ ያሳስበኛል። የኪንታሮት ቅባት ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ነገር ይይዛሉ። አንደኛው የሚያደነዝዝ ነው፤ ሊዶኬይን፣ ሲንኮኬይን ወይም ቤንዞኬይን ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው፤ በብዛት ሃይድሮኮርቲዞን።

ስቴሮይዱ መጥፎ አይደለም። የተቆጣ ቆዳ ላይ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን በስሱ በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀባ የማከኩን አዙሪት ይሰብራል። እኔም አዛለሁ። ግን ለ7 ቀን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቆዳውን እያሳሳው ይሄዳል። የሳሳ ቆዳ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ መልሶም ያሳክካል። ፈንገስ ካለ ደግሞ ስቴሮይዱ መቅላቱን ለጊዜው ያደበዝዘዋል እንጂ ፈንገሱ ከስር ይስፋፋል። የሚያደነዝዘው ክፍል ደግሞ ለጥቂት ሰዓት እፎይታ ይሰጥና በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ቅባቱ መጀመሪያ ያሻለው ሰው ከቀናት በኋላ ቅባቱ በነካው ቦታ ሁሉ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይብስበታል። ሰውየው ግን ሕመሙ የባሰ መስሎት ቅባቱን ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ ቅባቱን በሙሉ ማቆም ነው፤ ሌላ ዓይነት መቀየር አይደለም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ደግሞ ሰገራው ነው። ይህ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ለጥቂት ቀን ነው የሚሠራው። ሰገራው ደረቅ ከሆነ ሰውየው ያምጣል፤ ሲያምጥ ኪንታሮቱ ይወጣል። ሰገራው በጣም ለስላሳና የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ጥቂቱ መውጫው ላይ ይቀርና ኋላ ጠብ ይላል። «ስጠርግ ስጠርግ አያልቅም» የሚሉኝ እነዚህ ናቸው። መድኃኒቱ አጥብቆ መጥረግ አይደለም። ሰገራው ቅርጽ ይዞ፣ ሳይደርቅ፣ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ፋይበር ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ቢያገኝ ጥሩ ነው። ከምግቡ የማይበቃው ሰው ሲሊየም የተባለውን የፋይበር ዱቄት ሊጠቀም ይችላል። ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር ነው። በአንድ ጊዜ የበዛ ሆድ ይነፋል፤ ውሃው ካነሰም ይደርቃል። ሲሊየም የሚወደደው ለሁለቱም ስለሚሠራ ነው። የደረቀውን ያለሰልሳል፣ የቀጠነውን ይሰበስባል። የሆድ ማለስለሻ ኪኒን አብዝቶ የሚወስድ ሰው ግን ፈሳሹ የሚበዛበት ከዚያ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይንገር። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ አለመቀመጥም ኪንታሮቱ እንዳይወርድ ይረዳል። ስልክ ይዞ መግባት ይቅር። ቡናም በአንዳንድ ሰው ላይ መዝጊያውን ያላላዋል። ለ2 ሳምንት አቁሞ ማየት ነው፤ ለውጥ ከሌለ መመለስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኪንታሮት ያለበት ሰው ሁሉ የሚያሳክከው በኪንታሮቱ ብቻ አይደለም። ማሳከኩ ሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉና እነሱንም የሚያሳክካቸው ከሆነ ቀጫጭን ነጫጭ ትሎች መኖራቸው ይጠረጠራል። እነዚህ ሌሊት እየወጡ እንቁላላቸውን ፊንጢጣው ዙሪያ ይጥላሉ። ጠዋት ከመታጠብ በፊት ግልጽ ማጣበቂያ ቴፕ በቆዳው ላይ ጫን አድርጎ ለላቦራቶሪ መስጠት ይበቃል። መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ ይወስዳል፤ ከ2 ሳምንት በኋላም ይደገማል። ሰገራ ሲወጣ እንደ ስለት የሚቆርጥ ሕመም ካለ ደግሞ የፊንጢጣ ስንጥቅ እንጂ ኪንታሮት ላይሆን ይችላል።

ደም ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ ከሆነ፣ የሰገራው ልማድ ከሳምንታት ወዲህ ከተለወጠ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም የሚወጣ ኪንታሮት ሳይኖር ብዙ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚመጣ ከሆነ ቤት ውስጥ መሞከሩ ይቁም። አንጀቱ ከውስጥ መታየት አለበት። የአንጀት ካንሰርም ሆነ የአንጀት ቁስለት በእንዲህ ያለ ምልክት ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም «ኪንታሮት ነው» እየተባለ ምርመራው የዘገየባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ። አኖስኮፕ በተባለው ፊንጢጣን ከውስጥ በሚያሳይ አጭር ቱቦ ስናየው ሁለት የውስጥ ኪንታሮቶች ነበሩት። ሲያምጥ ይወጣሉ፣ ሲነሳ በራሳቸው ይመለሳሉ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ የምንለው ነው። ደም፣ የክብደት መቀነስ ወይም ሌላ የሚያሳስብ ምልክት አልነበረውም። ሳሙናውን፣ ሆምጣጤውንና ቅባቱን በዚያው ቀን አስቆምነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ማድረቅ፣ ለ7 ቀን ሃይድሮኮርቲዞን፣ ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ቀን ቀን ጥጥ፣ ማታ ሲሊየም። ጥፍሩንም አሳጠረ፤ በእንቅልፍ ልቡ ይታከክ ነበርና።

በአራተኛው ቀን ደውሎ እንቅልፍ እንደወሰደው ነገረኝ። በአሥረኛው ቀን ስንጥቆቹ ተዘግተዋል፤ ቆዳው የራሱን መልክ ይዟል። ፈሳሹ ግን አልጠፋም። በቀን አምስት ጥጥ ይቀይር የነበረው ሦስት ደረሰና እዚያው ቆመ። ለ6 ሳምንት በፋይበሩ ቀጠልን። ኪንታሮቱ አሁንም ይወጣል፣ ፈሳሹም አብሮት ይመጣል። ቆዳን መንከባከብ ማሳከኩን ይፈውሳል፤ የወጣውን ሽፋን ግን አይመልሰውም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሳሙናው ይመለሳል።

ስለዚህ አንደኛውን ኪንታሮት በላስቲክ ቀለበት አሰርነው። ትንሿ ቀለበት ከኪንታሮቱ ሥር፣ ሕመም ከማይሰማበት ከፍ ካለው ክፍል ላይ ትቀመጣለች። ደሙ ሲቋረጥ ኪንታሮቱ ይደርቅና አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ገደማ ይወድቃል። ማደንዘዣና አልጋ አያስፈልገውም። ለአንድ ሁለት ቀን የመጫን ስሜትና ትንሽ ሕመም ነበረው። ሲወድቅም ጥቂት ደም አየ፤ ይህን አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር አልደነገጠም። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም ሽንት አለመምጣት ቢኖር ግን ወዲያው እንዲመጣ አስጠንቅቄው ነበር። እነዚህ ከስንት አንዴ የሚመጣ ከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ናቸውና።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ታሰረ። ከዚያ በኋላ በመጣበት ቀን ጠዋት ያስቀመጠውን ጥጥ ከሰዓት ላይ አብረን አየነው። ደረቅ ነበር።